83 በመቶው እንዴት አሳሳተሽ?

«ለዳታ ተንታኝነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ሰጡኝ። የኩላሊት ጠጠር በክፍት ቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው 350 ሕሙማን 273ቱ፣ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ ከወጣላቸው 350 ደግሞ 289ኙ ተሳክቶላቸዋል። የትኛው ይሻላል ሲሉኝ ‹78 ለ83 በመቶ ስለሆነ ሁለተኛው› አልኩ። ጠያቂው ‹ሌላ የምትጠይቂው ነገር የለም?› አለኝ፤ የለም አልኩት። አላለፍኩም። ተዛምዶ ምክንያት አይደለም የሚለውን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ግን እዚያ ላይ ምን ማለት ነበረብኝ?»

ስሌትሽ ልክ ነው። ጠያቂው የጠበቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ለየትኛው ሕመምተኛ የትኛው ሕክምና እንደሚሰጥ የተወሰነው በምን ነው?» ሰንጠረዥ አይተሽ ቁጥሩን ከማወዳደርሽ በፊት ይህን ብትጠይቂ፣ መልሱን ባታውቂው እንኳ የሚፈልጉትን አሳይተሻል።

ቁጥሮቹ ለፈተና የተፈጠሩ አይደሉም። በ1986 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ከታተመ ጥናት የመጡ ናቸው። ሐኪሞቹ ሕክምናውን በዕጣ አላደሉም፤ ትልቅ ጠጠር ያለባቸው በብዛት ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና፣ ትንሽ ጠጠር ያለባቸው በብዛት ወደ ቀዳዳው ሄደዋል። ሰንጠረዡን በጠጠሩ መጠን ስትከፍይው እንዲህ ይሆናል። ጠጠራቸው ከ2 ሴንቲሜትር በታች ከሆኑት መካከል በክፍት ቀዶ ሕክምና ከ87 ሰዎች 81ዱ፣ ማለትም 93 በመቶ፣ ተሳክቶላቸዋል፤ በቀዳዳው ከ270 ሰዎች 234ቱ፣ 87 በመቶ። ትልቅ ጠጠር ካለባቸው ደግሞ በክፍት ከ263 ሰዎች 192ቱ፣ 73 በመቶ፤ በቀዳዳው ከ80 ሰዎች 55ቱ፣ 69 በመቶ። በትንሹም በትልቁም ክፍት ቀዶ ሕክምና ይበልጣል፤ ሁለቱን ስትደምሪያቸው ግን ቀዳዳው በልጦ ይገኛል።

ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ «እንዴት ይሆናል?» ብሎ ካልኩሌተሩን ደግሞ ያነሳል። ነገሩ የሚገኘው ግን ከመቶኛዎቹ ሳይሆን ከሰዎቹ ቁጥር ነው። ክፍት ቀዶ ሕክምና ካገኙት 350 ሰዎች ሦስት አራተኛው፣ 263ቱ፣ አስቸጋሪው ትልቅ ጠጠር ያለባቸው ናቸው። በቀዳዳው በኩል ትልቅ ጠጠር ያለባቸው 80 ብቻ ናቸው። ትልቅ ጠጠር በየትኛውም መንገድ ቢወጣ የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ 78 በመቶው በአብዛኛው የከባዱ ሥራ ውጤት ሲሆን፣ 83 በመቶው በአብዛኛው የቀላሉ ነው። ድብቅ ተለዋዋጭ የምንለው ይህ የጠጠር መጠን ነው። «ድብቅ» ያሰኘው ከሰጡሽ ሰንጠረዥ ላይ አለመኖሩ ነው። አሳሳች ያደረገው ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ማድረጉ ነው፦ ሕክምናው ሲመረጥ ወደ አንዱ ይገፋል፣ ውጤቱንም ራሱን ችሎ ይቀይራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያደርግ ኖሮ ንጽጽሩን እንዲህ አያዛባውም ነበር።

ቀጥሎ «እሺ፣ ታዲያ አንድ ቁጥር ስጪን» ይሉሻል። ያኔ ሁለቱን ሕክምናዎች በአንድ ዓይነት ሕሙማን ላይ አሰሊያቸው። ከ700ው ሰው 357ቱ ትንሽ፣ 343ቱ ትልቅ ጠጠር አለባቸው። 700ው ሁሉ ክፍት ቀዶ ሕክምና አግኝተው ቢሆን ብለሽ 357ን በ93.1 በመቶ፣ 343ን በ73.0 በመቶ አባዢና ደምሪ፤ ወደ 583 ይመጣል፣ 83 በመቶ ነው። ለቀዳዳው ተመሳሳዩን ብታደርጊ ወደ 545፣ 78 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው 78 እና 83 ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ጥሬው ዳታ በእጅሽ ካለ ክፍፍሉን የሚያወጣው አንድ መስመር ነው፦

```python
df.groupby(["size", "treatment"])["success"].agg(["mean", "count"])
```

`count` የጻፍኩት ለጌጥ አይደለም። በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ ካላየሽ መገልበጡ ከየት እንደመጣ አይታይሽም፤ ስምንት ሰው ብቻ ያለበትን ክፍልም ሁለት መቶ ሰው እንዳለበት አድርገሽ ታነቢዋለሽ።

እዚህ ላይ ብዙ እጩ ሁለተኛ ስህተት ይሠራል፦ «ስለዚህ ክፍት ቀዶ ሕክምና ይሻላል» ብሎ ይደመድማል። ከተስተካከለ በኋላ ያለው ልዩነት 5 የመቶኛ ነጥብ ያህል ነው፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ስታሰይው ግን ከዜሮ ትንሽ በታች ተነስቶ እስከ 12 ነጥብ አካባቢ ይደርሳል፤ ዜሮ በውስጡ ስላለ እውነተኛ ልዩነት ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ በልበ ሙሉነት የምትይው «ቀዳዳው ይበልጣል ያሰኘው ማስረጃ የጠጠሩ መጠን ሲገባ ይጠፋል፤ ክፍቱ መብለጡን ግን ይህ ዳታ ብቻውን አያረጋግጥም» የሚለውን ነው። በመጠን የተነገረ መልስ ጠያቂውን አያስከፋውም፤ እንዲያውም ዳታን ነገ ለሥራ አስኪያጅ ስታቀርቢ እንዲህ እንደምትናገሪ ያሳየዋል።

«ያገኘሁትን ተለዋዋጭ ሁሉ አስገብቼ ላስተካክል?» ብለው ከጠየቁሽ መልሱ «አይ» ነው። መለያው ጊዜ ነው። የጠጠሩ መጠን ሕክምናው ከመመረጡ በፊት የነበረ ነገር ስለሆነ በእሱ መክፈል ትክክል ነው። ሕመምተኛው ከቀዶው በኋላ ሆስፒታል የቆየባቸው ቀናት ግን የሕክምናው ውጤት ናቸው። በእነሱ ብትከፍይ ሕክምናው ራሱ ካመጣው ለውጥ ከፊሉን ቆርጠሽ ትጥያለሽ፤ አንዳንዴም ያልነበረ ዝምድና ትፈጥሪያለሽ። ሁለቱም ዓምዶች በኤክሴል ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ይመስላሉ፤ ሶፍትዌሩም አይለያቸውም። የቱ ቀደመ፣ የቱ ተከተለ የሚለውን አንቺ ማወቅ አለብሽ፤ ካላወቅሽም ሐኪሙን ጠይቂ።

የናሙናው ብዛትም ከዚህ አያድንም። 700ው ሰው 70,000 ቢሆን፣ ሐኪሞቹ በዚያው መንገድ እስከመረጡ ድረስ 83 በመቶው እዚያው ይቆያል፤ የሚቀየረው ፒ ቫልዩው ማነሱና የተሳሳተው መልስ የበለጠ የሚያስተማምን መምሰሉ ብቻ ነው። በዕጣ ቢታደል ኖሮ ግን ትልቅ ጠጠር ያለባቸው በሁለቱም ወገን በግምት እኩል ይሆኑ ነበር፤ ያልተለኩትም ነገሮች፣ እድሜውም ሌላ በሽታውም፣ አብረው ይመጣጠናሉ። በጠጠር መጠን መክፈል የሚያስተካክለው የተለካውን የጠጠር መጠን ብቻ ነው።

በዚህ ጥናት ላይ ለምሳሌ ሌላ የሚያጠራጥር ነገር አለ፦ ክፍት ቀዶ ሕክምናው ቀድሞ፣ የቀዳዳው ዘዴ ደግሞ ዘግይቶ የተሠራበት ነው። በዓመታት መካከል ምርመራውም ክትትሉም ሊሻሻል ይችላል፤ ስለዚህ ዘመኑም ራሱ እንደ ጠጠሩ መጠን የሕክምናውን ምርጫም ውጤቱንም ሊነካ ይችላል። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ይህን ከጠቀስሽ «ዓመተ ምሕረቱ በዳታው ውስጥ አለ?» ብለሽ ጨርሺ። ከሌለ፣ በሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፦ «ሕክምናዎቹ በተለያዩ ዓመታት የተሰጡ በመሆናቸው ልዩነቱ በከፊል ከዘመኑ ሊመጣ ይችላል፤ በዚህ ዳታ መለየት አልተቻለም።»