ፒርሰን ወይስ ስፒርማን? ቴሲስ ለምትጽፉ

ሰላም ልጆቼ። የሳይኮሎጂ ቴሲስ ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሌም ያጋጥመኛል፦ «ዳታው ኖርማል ስላልሆነ ስፒርማን ተጠቅመናል»። ከዚያ አንድ ቁጥር ይመጣል፣ አጠገቡ ፒ ቫልዩው ከ0.05 ማነሱን የሚያሳይ ኮከብ አለ፣ ቀጥሎም «ከፍተኛ ግንኙነት ተገኝቷል» ይላል። የተሰጠው ምክንያትም፣ ኮከቡም፣ «ከፍተኛ» የሚለውም አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ጥያቄው ግን ከሰፈሬ የመጣ ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ጠዋት ወደ መገናኛ የሚወስደውን ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ ጉዞ ሰው አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንዲት ተማሪ ይህን ልታጠና ተነሳች እንበል። 124 የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችን ሥራ ቦታ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ጠየቀች። የድብርት ምልክቶችን ደግሞ በፒኤችኪው-9 ለካች። መጠይቁ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ ድምሩም ከ0 እስከ 27 ነው። የፒርሰን ኮሪሌሽን 0.21 ወጣ፣ ፒ ቫልዩው 0.019። ስፒርማን 0.14 ወጣ፣ ፒ ቫልዩው 0.12። ኤስፒኤስኤስ ላይ ሁለቱም በአንድ መስኮት ስለሚገኙ ሁለቱን መምረጥ ቀላል ነው። ችግሩም እዚያው ይጀምራል፤ አንዱ ኮከብ አለው፣ ሌላው የለውም። የትኛው ቴሲሱ ውስጥ ይግባ?

ኮከቡን አትከተሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ምን እንደሚለካ እንይ። ፒርሰን የሚነግረን ነጥቦቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያ ምን ያህል እንደተሰበሰቡ ነው። ለእሱ ደቂቃ ደቂቃ ነው፤ ከ40 እስከ 60 ያለው ርቀት ከ160 እስከ 180 ካለው ጋር እኩል ነው። ስፒርማን ደቂቃዎቹን ትቶ፣ እንደ ታክሲ ሰልፍ፣ ሰውየው ስንተኛ እንደሆነ ብቻ ያያል። ከፊቱ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ይቅደመው በአንድ ሰዓት ግድ የለውም። በስሌት ደረጃ ስፒርማን ማለት ቁጥሮቹን በደረጃ ተክቶ ፒርሰንን ማስላት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

የኖርማል ነገር ብዙ ጊዜ ሰበብ ነው። ፒርሰንን ለማስላት ኖርማል ስርጭት አያስፈልግም። ስርጭቱ የሚያሳስበን ፒ ቫልዩውና የመተማመኛ ክልሉ ላይ ስንደርስ ነው፣ እሱም ከናሙናው ውስጥ ደጋግሞ ናሙና በማውጣት፣ ማለትም በቡትስትራፕ፣ መላ ይገኝለታል። የሻፒሮ-ዊልክ ፈተናም ናሙና ሲበዛ ለጥቃቅኑ መዛባት ሁሉ ይጮኻል፣ ናሙና ሲያንስ ትልቁንም ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ምርጫችሁን ለእሱ አሳልፋችሁ አትስጡ። ይልቅ ስካተር ፕሎት ሥሩ።

የተማሪዋን ስካተር ፕሎት ስናይ አብዛኛው ሰው ከ30 እስከ 110 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች ግን 200 አካባቢ ብቻቸውን ቆመዋል፣ የድብርት ነጥባቸውም ከፍ ያለ ነው። ፒርሰንን ወደ ላይ የጎተቱት በዋናነት እነሱ ናቸው። ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋ «አውትላየር ናቸው» ብላችሁ ታጠፏቸዋላችሁ። ቆይ! መጀመሪያ የሞሉትን መጠይቅ አውጡና እዩ። ሌላው ሰው የአንድ መንገድ ጉዞውን ሲጽፍ እነሱ የደርሶ መልሱን ጽፈው ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የመለኪያ ስህተት ነው፣ ይታረማል። ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀየሩ በእርግጥም ያን ያህል የሚጓዙ ከሆነ ግን እነሱም የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ይቆያሉ።

ታዲያ የቱ? ጥያቄያችሁ «ጉዞው በደቂቃ ሲጨምር ነጥቡ በስንት ይጨምራል?» ከሆነና ነጥቦቹ መስመር ከያዙ ፒርሰን ነው። «ረጅም የሚጓዙት በአብዛኛው ከፍ ያለ ነጥብ አላቸው ወይ?» ከሆነ ስፒርማን ይበልጥ ይስማማል፣ ጥቂት ሰዎችም እንደልብ አይጎትቱትም። ግንኙነቱ መጀመሪያ ወጥቶ ኋላ የሚወርድ ከሆነ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ። ምርጫው ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ፕሮፖዛሉ ላይ መስፈር አለበት። ለዚህች ተማሪ እኔ ስፒርማንን እመርጣለሁ። ፒርሰኑንም አትደብቀው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጥቀሰው።

አሁን ወደ መተማመኛ ክልሉ እንምጣ። ለፒርሰን፣ r መጀመሪያ ወደ ፊሸር ዜድ ይቀየራል። 0.21 በዜድ 0.213 ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ 1/√(n−3) ነው፤ እዚህ 1/√121፣ ማለትም 0.091። በ1.96 ሲባዛ 0.178 ይሆናል። ከ0.213 ላይ ስንቀንስና ስንደምር 0.035 እና 0.391 እናገኛለን። ወደ r ሲመለሱ ከ0.03 እስከ 0.37 ይሆናሉ። ለስፒርማን ስታንዳርድ ኤረሩ በጥቂቱ ይሰፋል፣ ቀመሩ √((1+rs²/2)/(n−3)) ነው። ውጤቱም ከ−0.04 እስከ 0.31 ይሆናል።

ሁለቱን ክልሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአብዛኛው ይደራረባሉ። «ፒርሰን ግንኙነት አገኘ፣ ስፒርማን አላገኘም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ጉልበት ያጣል። የሁለቱም መልእክት አንድ ነው፦ ግንኙነቱ ዜሮ አጠገብ ሊሆን ይችላል፣ መካከለኛም ሊሆን ይችላል፣ በ124 ሰው ከዚህ በላይ መለየት አልተቻለም።

አር ላይ cor.test ለፒርሰን ክልሉን ይሰጣችኋል፣ ለስፒርማን ግን አይሰጥም። ቡትስትራፕ ከቀመሩ ይልቅ ለተዛባ ዳታ ይመቻል፦

```
b <- replicate(5000, {
  i <- sample(nrow(d), replace = TRUE)
  cor(d$guzo[i], d$phq[i], method = "spearman")
})
quantile(b, c(.025, .975))
```

ልብ በሉ፣ እዚህ የሚመረጠው ሰውየው ከነሁለት ቁጥሩ ነው። ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ ካወዛችሁ ግንኙነቱን ራሱን አፈረሳችሁት።

አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃኛል፦ «ረጅም የሚጓዙ ነዋሪዎች በጥቂቱ ከፍ ያለ የድብርት ነጥብ ነበራቸው፣ rs = .14, 95% CI [−.04, .31], p = .12, n = 124። ክልሉ ዜሮንም መካከለኛ ግንኙነትንም ስለሚያካትት መጠኑን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።» ከነጥቡ በፊት ዜሮ የሌለው የኤፒኤ አጻጻፍ ስለሆነ ነው፣ r ከ1 ስለማይበልጥ።

መጠኑንም ሰው በሚገባው መለኪያ ተርጉሙት። የፒርሰኑን 0.21 እንዳለ እንቀበል። የጉዞው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 35 ደቂቃ፣ የነጥቡ ደግሞ 4.8 ይሁን። 0.21 × 4.8 ÷ 35 በ30 ሲባዛ 0.9 ገደማ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ከሚረዝም ጉዞ ጋር አብሮ የሚሄደው የነጥብ ልዩነት በአማካይ አንድ እንኳ አይሞላም፣ ያውም ከ27። ይህን ያሰላ ሰው «ጉዞ የከተማዋን ዳርቻ ነዋሪ ለድብርት ዳረገ» የሚል ርዕስ አያወጣም። ደግሞስ ራቅ ብሎ የሚኖረው ሰው ቤት ኪራይ ስለከበደው የወጣ ቢሆንስ? ድብርቱ ከጉዞው ሳይሆን ከኑሮ ጫናው ሊመጣ ይችላል፣ ኮሪሌሽን ይህን አይለይም።

አማካሪያችሁ «ታዲያ ምን አገኘሽ?» ካሏችሁ ቁጥር አላችሁ። ክልሉን በግራና በቀኝ ወደ 0.10 ለማጥበብ 380 ገደማ ሰው ያስፈልጋል፣ ወደ 0.05 ለማጥበብ ደግሞ 1500 ገደማ። ይህን ውይይት ምዕራፉ ላይ ጻፉት። ክልሉን ግን አብስትራክቱም ላይ ከ0.14 አጠገብ አስቀምጡት፤ አብዛኛው አንባቢ ከዚያ አልፎ አይሄድም።