ማታ እግሬ አላስተኛ አለኝ

«ማታ ጋደም ስል እግሬን የሆነ ነገር ይወረኛል። ካላንቀሳቀስኩት አይለቀኝም። ተመርምሬ ደም ማነስ የለብህም ተባልኩ። ታዲያ ምንድን ነው?»

እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ችግር ይመስላል። የታየልህ ሄሞግሎቢን ብቻ ይመስለኛል። እሱ ደህና ሆኖም በሰውነትህ የተጠራቀመው አይረን ሊያንስ ይችላል። ይህን ክምችት የሚያሳየውን፣ ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ አድርግ። ጉንፋን ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚያታልል፣ እስኪሻልህ ጠብቅ። ውጤቱ 30 ቢሆን ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ሊባል ይችላል። ለእንዳንተ ዓይነቱ ችግር ግን በሊትር 75 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሞች የአይረን ኪኒን ይሞክራሉ። በራስህ አትጀምር፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ለውጡም ሳምንታት ይፈጃል።

እስከዚያው ከሰዓት በኋላ ቡና ተው፤ የመኝታ ሰዓትህንም አታዛባ። እንቅልፍ ያመጣልኛል ብለህ የሚያደነዝዝ የአለርጂ ኪኒን እንዳትውጥ፣ የእግርህን ችግር ያባብሰዋል።