ሁለት ጫፉ የታሰረ የብረት ቢም ስንት ይችላል? ጥያቄና መልስ ከጅማ

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦ ኢንጂነር እንደምን ዋሉ። አይፒኢ 300፣ ኤስ 275 ብረት፣ 6 ሜትር፣ ሁለቱም ጫፍ ፊክስድ፣ ጭነቱ እኩል የተዘረጋ። የመውደቂያ ጭነቱን በቨርቹዋል ወርክ ስሠራው በሜትር 38.4 ኪሎኒውተን መጣልኝ፤ ጓደኛዬ 76.8 አገኘ። የቱ ነው ልክ?

ኢንጂነር፦ ጓደኛህ። አንተ ሙሉውን ጭነት በመሃሉ ዝቅታ አባዝተኸዋል። ቢሙ ሲወርድ መሃሉ ላይ δ፣ ጫፉ ላይ ዜሮ ስለሆነ ጭነቱ በአማካይ የሚወርደው የδን ግማሽ ነው። Mp ሴክሽኑ ሙሉ በሙሉ ዪልድ ሲያደርግ የሚይዘው ሞመንት ነው፦

```
Mp = 628×10³ mm³ × 275 N/mm² = 172.7 kN·m
Mp·θ + Mp·2θ + Mp·θ = w·L·δ/2
δ = θ·L/2
w = 16Mp/L² = 16×172.7/36 = 76.8 kN/m
```

38.4 ግን ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ ያው ቢም ጫፎቹ ሳይታሰሩ ድጋፍ ላይ ብቻ ቢቀመጥ የሚችለው ነው። ለዚህ ነው ስህተቱ ዓይን ውስጥ የማይገባው። ጫፉ ከታሰረ ቢም ከልቅ ቢም ጋር እኩል መልስ ካገኘህ የሆነ ነገር እንደጣልክ እወቅ።

የሳይት መሃንዲስ፦ እኛ የተማርነው በጫፉ ያለው ሞመንት wL²/12 ነው። Mp ጋ ሲደርስ w = 12Mp/L² ይሆናል፣ 57.6 ማለት ነው። ከዚያ በላይ መጫን እንዴት ይቻላል? ቢሙ እኮ አልቆለታል።

ኢንጂነር፦ አላለቀለትም። የዚህ ርዕስ ፍሬ ነገር እዚህ ስለሆነ ልዘርዝረው።

57.6 ላይ ሁለቱ ጫፎች Mp ደርሰዋል። የመሃሉ ሞመንት ግን wL²/24 ነው፣ 86.4 ብቻ፤ የአቅሙ ግማሽ። ጫፎቹ ሂንጅ ሆኑ ማለት 172.7ን ይዘው እየዞሩ ይቆያሉ ማለት ነው፤ የያዙትን አይለቁም፣ ተጨማሪም አይቀበሉም። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጭነት ቢሙ የሚሸከመው ጫፉ እንዳልታሰረ ቢም ሆኖ ነው፣ በመሃሉ ላይ ብቻ። መሃሉ 86.3 ይቀረዋል። Δw×36/8 = 86.3 ስትል Δw = 19.2 ይወጣል። 57.6 እና 19.2 ሲደመር 76.8። በቨርቹዋል ወርክ የመጣው ያው ቁጥር በሌላ መንገድ መጣ። ተማሪዎች፣ መልሳችሁን በዚህ መንገድ አመሳክሩት።

ዝቅታውንም ተመልከቱ። እስከ 57.6 ድረስ መሃሉ የወረደው 11 ሚሊሜትር ግድም ነው። የቀረችው 19.2 ብቻዋን 18 ሚሊሜትር ትጨምራለች፣ ምክንያቱም በሁለተኛው ደረጃ ቢሙ በአምስት እጥፍ ልል ነው። በሎድ ቴስት ላይ የዝቅታው መስመር ድንገት ሲጋደም ካያችሁ ጫፎቹ ሂንጅ ሆነዋል ማለት ነው፤ የሚቀረው የመሃሉ ሂንጅ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጫፉ እውነት ታስሮ ከሆነ ነው። ግንኙነቱን ሳታዩ 16ን አትጠቀሙ።

ባለ ሁለት ፎቅ፦ ይቅርታ፣ እኔ ፈረንጅ አራዳ ቤት እያሠራሁ ነው። የኮንክሪት ቢሜ በ14 ፌሮ ነው። ይህ ቀመር ለእኔም ይሠራል?

ኢንጂነር፦ አይሠራም። የኮንክሪት ቢም የመዞር አቅሙ በፌሮው መጠንና በኮንክሪቱ መድቀቅ የተወሰነ ነው። ንድፉን የሠራልዎትን መሃንዲስ ይጠይቁ።

ሄርማታ ብረታ ብረት፦ ኢንጂነር፣ አይፒኢ 300 ስላጣን ከላሜራ ቆርጠን በዚያው መጠን ልንበይደው ነው። ፍላንጁ 150 በ10.7 ባይገኝ 150 በ6 ብናደርገውስ? ትንሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው አይደል?

ኢንጂነር፦ ትንሽ አይደለም፤ ጨዋታውን ይቀይረዋል።

መጀመሪያ በ10.7 እናስላው። የፍላንጁ ስፋት ሲባዛ በሁለቱ ፍላንጆች መሃል ለመሃል ርቀት፣ ሲደመር የዌቡ ድርሻ፦

```
150×10.7×289.3 + 7.1×278.6²/4
= 464,300 + 137,800 = 602,100 mm³
```

ከፋብሪካ የወጣው 628 ነው። ልዩነቱ ፍላንጁና ዌቡ የሚገናኙበት ክብ ማዕዘን ነው፤ የእናንተ ብየዳ ያንን አይተካም። ስለዚህ Mp 165.6 ይሆናል፣ ጭነቱም ወደ 73.6 ይወርዳል። ይሄ ችግር የለውም።

በ6 ሲሆን ግን የፍላንጁ ነጻ ክንፍ 71 ሚሊሜትር ሆኖ ለውፍረቱ ሲካፈል ወደ 12 ይጠጋል። ለኤስ 275 ሂንጅ የሚዞርበት ክላስ 1 ጣሪያው 8.3 ነው። 12 ክላስ 3 ውስጥ ይገባል፤ ማለትም የዳሩ ብረት ዪልድ እንዳደረገ ፍላንጁ ይጨማደዳል፣ ሂንጅ የሚባል ነገር አይፈጠርም። እንዲህ ባለው ሴክሽን 16ም ፕላስቲክ ሞዱለስም አይሠሩም፤ በኢላስቲክ ብቻ ነው የሚሰላው። በ10.7 ክንፉ 6.7 ስለሆነ ያልፋል።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦ ሁለቱ ፍላንጆች እኩል ባይሆኑስ? ከታች ብቻ ፕሌት ቢደረብ?

ኢንጂነር፦ ያን ጊዜ ፕላስቲክ አክሲሱ ሴንትሮይድ ላይ አይሆንም፤ ስፋቱን እኩል ለሁለት የሚከፍለው መስመር ላይ ነው። ብዙ ሰው ሴንትሮይዱን ወስዶ ይሳሳታል። ከላይና ከታች ያለው ስፋት እኩል መሆኑን አረጋግጥ፣ ከዚያ የየግማሹን ስፋት በርቀቱ አባዝተህ ደምር።

የሳይት መሃንዲስ፦ እሺ ቲዎሪው ገብቶኛል። ግን እዚህ ጅማ መሬቱ ሸክላ ነው፣ ድጋፍ ይሰምጣል። አንዱ ኮለን 20 ሚሊሜትር ቢወርድ የተጨማሪው ሞመንት ከ172.7 ላይ ስለሚቀነስ የመውደቂያው ጭነትም ይቀንሳል። ለዚህ ነው እኔ 12 ላይ የምቆመው።

ሌላ ተማሪ፦ አይቀንስም ነው የሚሉት መምህራችን። ግን ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የሳይት መሃንዲስ፦ መምህር ሳይት ላይ አይውልም።

ኢንጂነር፦ ግማሹ ልክ ነው። መስመጡ ባልሰመጠው ጫፍ ላይ ሞመንት ይጨምራል፣ በሰመጠው ላይ ይቀንሳል፣ አንደኛው ሂንጅ ከ57.6 በፊት ይፈጠራል፣ ዝቅታውም ያድጋል። የመውደቂያው ጭነት ግን አይቀየርም። ስሌቱን ተመልከቱ፦ በ4Mpθ እና በwLδ/2 ውስጥ የኮለኑ መስመጥ የት አለ? ቢሙ ለመውደቅ ሦስቱም ቦታ Mp መድረስ አለባቸው፤ ቀድሞ የደረሰው የቀሩትን እየዞረ ይጠብቃቸዋል። የሚቀየረው ቅደም ተከተሉ ነው። ቀድሞ የተፈጠረው ሂንጅ ግን የበለጠ መዞር አለበት፣ ስለዚህ ክላስ 1 የሚለው ነገር እዚህ ይብሳል።

እርስዎ ለጥንቃቄ 12 ላይ ቢቆሙ አልከለክልም። ምክንያቱ ግን መስመጥ አይሁን።

ሄርማታ ብረታ ብረት፦ ጫፉን በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ 20 ሳንቲም ብናስገባው ፊክስድ ይባላል?

ኢንጂነር፦ በጭራሽ። 172.7ን በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ለመያዝ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፉት ኃይሎች በመካከላቸው ያለው ርቀት 13 ሳንቲሜትር ግድም ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ1,200 ኪሎኒውተን በላይ ይሆናሉ። ብሎኬት ይፈጫል። እንዲህ ያለውን ቢም ልቅ አድርጋችሁ ቁጠሩት፣ 38.4። ለሁለተኛ ጊዜ፦ ግንኙነቱን ሳታዩ 16ን አትጠቀሙ።

አዲስ አባል፦ ለቢም የሚሆን ቀመር ብቻ ቢልኩልን?

ኢንጂነር፦ የትኛው ቢም? ጭነቱ ምን? ጫፉ በምን ታስሯል? ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ሌላ ተማሪ፦ ጭነቱ አንድ ነጥብ ላይ ቢሆን፣ ከግራ በ2 ሜትር?

ኢንጂነር፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሂንጆቹ ሁለቱ ጫፎችና ጭነቱ ያለበት ቦታ ናቸው።

```
P = 2Mp·L/(a·b) = 2×172.7×6/(2×4) = 259 kN
```

የመጀመሪያው ሂንጅ በግራው ጫፍ በ194 ይፈጠራል። ጭነቱ መሃል ላይ ቢሆን ግን ሦስቱም ቦታ በኢላስቲክም እኩል PL/8 ስለሆነ ሂንጆቹ አንድ ላይ ይፈጠራሉ፤ P = 8Mp/L = 230፣ ከመጀመሪያው ሂንጅ በኋላ የሚገኝ ትርፍ የለም። አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ጭነቱ ያረፈበት ሂንጅ ላይ ዌቡን የሚደግፍ ስቲፍነር ያስፈልጋል።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦ ሸርስ?

ኢንጂነር፦ በተዘረጋው ጭነት ጫፉ ላይ 230 ነው፣ የዌቡ አቅም 408። ከግማሹ ስለሚያልፍ Mp ይቀንሳል፤ ቅናሹ ግን ግማሽ በመቶ አይሞላም።

የሳይት መሃንዲስ፦ ግንኙነቱን ግንኙነቱን ይላሉ። ኤንድ ፕሌቱ Mpን ከቻለ በቃ አይደለም?

ኢንጂነር፦ አይበቃም። 275 የብረቱ ትንሹ ዋጋ ነው፤ የሚመጣው ብረት 320 ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቢሙ ከታሰበው በላይ ይጠነክርና ሂንጁ ወደ ቦልቱና ወደ ብየዳው ይሸሻል። ቦልት ደግሞ እየዞረ አይጠብቅም፣ ይበጠሳል። ኮዱ የግንኙነቱ አቅም 1.2Mp ከደረሰ የመዞር አቅሙን አትመርምር የሚለው ለዚህ ነው፤ ለእኛ ቢም 207 ኪሎኒውተን ሜትር።

የሳይት መሃንዲስ፦ 320 ካሉ እንግዲህ 1.2 በራሱ ጠባብ ነው። 320 ለ275 ሲካፈል 1.16 ነው፣ ስትሬይን ሃርድኒንግ ሲጨመርበት ያልፈዋል።

ኢንጂነር፦ እውነት ነው፣ ሊያልፈው ይችላል። እኔ የፋብሪካውን ሰርተፊኬት አይቼ በእውነተኛው ዪልድ ነው ግንኙነቱን የማሰላው። ሰርተፊኬት በሌለበት ምን ያህል ልጨምር የሚለው ላይ ሁሉም መሃንዲስ የየራሱ አለው።

የሳይት መሃንዲስ፦ እኔ 12 ላይ ነኝ።

ሌላ ተማሪ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ሶሌታው ከላይ ስላለ ቢሙ ወደ ጎን አይጠማዘዝም አይደል?

ኢንጂነር፦ መሃሉ ላይ አይጠማዘዝም፤ የሚጨመቀው የላይኛው ፍላንጅ ነውና ሶሌታው ይይዘዋል። ጫፎቹ ጋ ግን የሚጨመቀው የታችኛው ነው፣ እሱን ደግሞ የያዘው የለም። በ76.8 ጊዜ ሞመንቱ ምልክቱን የሚቀይረው ከድጋፉ 88 ሳንቲሜትር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው የታችኛው ፍላንጅ ወደ ጎን ካመለጠ ሂንጁ 172.7ን ይዞ መዞሩ ይቀርና ይለቀዋል። ስለዚህ ከሂንጁ በቢሙ ከፍታ ግማሽ፣ በ15 ሳንቲሜትር ውስጥ፣ የታችኛውን ፍላንጅ በአንግል ብረት እሰሩት።