ጠዋት ክፍት የነበረው ዓይን ከሰዓት ላይ ምን ነካው

ጥያቄ፦ «አርኤስ-485 መስመሬ ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ይሳሳታል። ኦሲሎስኮፑን ፐርሲስተንስ ላይ አድርጌ አይ ዳያግራሙን ሳየው ዓይኑ ክፍት ነው። ግራ በኩል መስቀለኛው ቀጭን ነው፣ ቀኝ በኩል ወፈር ይላል። ማርጅኔ ስንት እንደሆነ ከዚህ ላይ እንዴት ነው የማነበው?»

አቦ፣ ይሄ ነገር ድሬ ላይ እኔንም ሁለት ሳምንት አንገላቶኛል። የኔን ልንገርህ፣ ካንተው ጋር የሚገጥም ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ግራው ለምን እንደቀጠነ። ትሪገር ያደረግከው በዳታው በራሱ ጠርዝ ነው። ስኮፑ ያንን ጠርዝ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይተክለዋል፤ ጠርዙ ቢዘገይም ቢቀድምም ሥዕሉ አብሮት ይንሸራተታል። የግራው ጂተር፣ ማለትም የጠርዙ ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ አልጠፋም፤ ቀኙ ላይ ተደምሮ ነው የምታየው። ዓይን ማለት ብዙ ቢቶችን አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነው፤ የሚደረቡት ግን በላኪው ሰዓት ልክ መሆን አለበት።

የኛ ነገር እንዲህ ነበር። ፋብሪካው ጓሮ የጉድጓድ ፓምፕ ቤት አለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ እስከዚያ 180 ሜትር ኬብል ተዘርግቷል፣ ፍጥነቱ 250 ኪሎቢት በሰከንድ፤ አንድ ቢት 4000 ናኖሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ጠዋት ምንም የለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ምጣድ ስታደርገው፣ ፓምፕ ቤት ያለው ቦርድ ትእዛዝ መሳት ይጀምራል።

እኔም እንዳንተ በዳታው ትሪገር አድርጌ «ዓይኑ ክፍት ነው» ብዬ ቦርዱን ልቀይር ነበር። በኋላ ስኮፑን ፓምፕ ቤት ወስጄ በሁለት ፕሮብ የሁለቱን ሽቦ ልዩነት ያዝኩ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የተዘበራረቀ ዳታ ሳይቋረጥ እየተላከ 10 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 2500 ቢት ቀዳሁ። ወደ ላፕቶፕ አውጥቼ በፓይተን አጠፍኩት፤ `t` ጊዜው፣ `v` የሁለቱ ሽቦ ልዩነት ነው፦

```python
T = 4000e-9
plt.plot(t % (2*T), v, ',k', alpha=0.05)
```

ነገሩ ሁሉ ያለው `T` ላይ ነው። ከመቶ ሺህ አንድ ብትስት እንኳ በ2500 ቢት ውስጥ ሥዕሉ 100 ናኖሰከንድ ይንሸራተትና የሌለ ጂተር ያሳይሃል። ስለዚህ `T`ን በጥቂት በጥቂቱ እየቀያየርክ ሥዕሉ በጣም ጥርት የሚልበትን ቦታ ፈልግ።

ሥዕሉ ሲጠራ ግራም ቀኝም እኩል ወፈሩ። ውፍረቱን የለካሁት ዜሮ ቮልት ላይ ብቻ አይደለም። የአርኤስ-485 ተቀባይ በርግጠኝነት እንዲለይ ልዩነቱ ከ200 ሚሊቮልት ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ በ+200 እና በ−200 መስመሮች መካከል ያለውን ሙሉ ጥቁር ቦታ ነው የወሰድኩት። 700 ናኖሰከንድ ሆነ።

700ው ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ ሁለት ሙከራ ይበቃል። መጀመሪያ ዳታውን 01010101 ብቻ አደረግኩት። ያኔ እያንዳንዱ ጠርዝ ከኋላው ያለው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊቱ ሦስት ዜሮ ነበር አንድ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ውፍረቱ ወደ 360 ወረደ። የጠፋው 340 ኬብሉ የቀደሙትን ቢቶች «እያስታወሰ» የፈጠረው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነበር፦ ያልተጠማዘዘ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ሬዚስተር የለውም፣ ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጂተር በዓይንም ይለያል፤ መስቀለኛው ደብዛዛ ጭጋግ ሳይሆን ተለያይተው የሚታዩ ሁለት ሦስት መስመሮች ነው።

ቀጥሎ የፓምፑን ኢንቨርተር አጠፋነው። 360ው 200 ሆነ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኖይዝ ዓይኑን ከላይና ከታች ብቻ የሚዘጋ ይመስለዋል። የኛ ጠርዝ 3 ቮልት ለመውጣት 1200 ናኖሰከንድ ይፈጅ ነበር፣ በናኖሰከንድ 2.5 ሚሊቮልት ማለት ነው። ኢንቨርተሩ የሚያመጣው 400 ሚሊቮልት ኖይዝ ለ2.5 ሲካፈል 160 ናኖሰከንድ ይወጣል። ኖይዙ በተኛ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጂተር ሆነ። ያው ኖይዝ ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ ቢያርፍ ጊዜውን ብዙም አይነካውም ነበር። የቀረው 200 ውስጥም 160ው ተኝቶ የሚወጣው ጠርዝ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚፈጀው ጊዜ ነው።

አሁን ሒሳቡ። ተቀባዩ ቢቱን መሐል ላይ ያነባል፤ ከመሐል እስከ ጠርዝ 2000 ናኖሰከንድ አለው። 700 ቀንስ። ግማሹን ብቻ ለምን አትቀንስም እንዳትለኝ፤ ተቀባዩ ቆጠራ የሚጀምርበት የስታርት ቢት ጠርዝ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ክፉ ቀን አንዱ ዘግይቶ ሌላው ይቀድማል። 1300 ቀረ። ተቀባዩ አንዱን ቢት 16 ቦታ ከፍሎ ስለሚያይ የሚያነብበት ቦታ ከትክክለኛው መሐል እስከ 250 ሊርቅ ይችላል። 1050።

በዚህ ሒሳብ ማርጅን ሞልቷል። የሳትነው ዓይኑ ላይ የማይታየውን ነበር። ዓይኑ መስመሩን ነው የሚያሳይህ፤ ተቀባዩ በራሱ ሰዓት የት ቦታ ላይ እንደሚያነብ አያሳይህም። የፓምፕ ቤቱ ቦርድ ክሪስታል የለውም፣ በቺፑ ውስጥ ባለው ኦሲሌተር ነው የሚሄደው። መልስ ሲልክ የራሱን ቢት ለካሁት፦ ጠዋት 3960፣ ስምንት ሰዓት ላይ 3880 ናኖሰከንድ። ጠዋት በመቶ 1 ይፈጥናል፣ ከሰዓት በመቶ 3።

ስታርት ቢቱን ካየ በኋላ ስቶፕ ቢቱ መሐል እስኪደርስ 9.5 ቢት፣ ማለትም 38,000 ናኖሰከንድ ይቆጥራል። በመቶ 1 ሲሆን 380 ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ ከ1050 ላይ 670 ይተርፈዋል። በመቶ 3 ሲሆን 1140 ነው፤ 90 ጎደለ። ሁሌ አይስትም፣ ሁሉም ክፉ ነገር በአንዴ ሲገጥም ብቻ ይስታል። «አንዳንዴ» የሚባለው ስህተት ይሄ ነው።

ክሪስታል ያለው ቦርድ ታዝዞ እስኪመጣ ኬብሉን ቀየርነው። የተጠማዘዘ ሽቦ አስገባን፣ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም አደረግን። ጠርዙ ወደ 500 ናኖሰከንድ ጠበበ፣ ውፍረቱ ኢንቨርተሩ እየሠራ 200 ሆነ። ሰዓቱ እንደተበላሸ ነው፣ ግን በስምንት ሰዓት ፀሐይም 410 ይተርፋል። ስህተቱ ቆመ። ክሪስታል ያለው ቦርድ ሲመጣ የ1140ው ጉዳይ ጥቂት ናኖሰከንድ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ 2500 ቢት ቀድተህ ያየኸው ውፍረት በሚሊዮን አንዴ የሚመጣውን አያሳይህም። ከኬብሉና ከሬዚስተር አለመኖር የሚመጣው ጂተር ወሰን አለው። የዘፈቀደው ጂተር ግን ጅራቱ አያልቅም፤ ከትሪሊዮን ቢት አንድ ስህተት ብቻ ለሚፈቅድ መስመር የአርኤምኤስ ልኩን 14 እጥፍ ይወስዳሉ። ለፓምፕ ያን ያህል አያስፈልግህም፣ ግን የተረፈህ 50 ናኖሰከንድ ከሆነ «ክፍት ነው» አትበል።

ያንተን ፍጥነት፣ የኬብሉን ርዝመትና ቦርዱ ላይ ክሪስታል መኖር አለመኖሩን ጻፍልን። ከሰዓት ላይ ቦርዱ መልስ ሲልክ የአንዱን ቢት ርዝመት ለካና እሱንም ጨምር።