አራት ስላይድ፣ አንድ ጥላ

«አጫጭር ግጥሞቼን ኢንስታግራም ላይ በካሩሰል እለጥፋለሁ። ሰው ግን ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ትቶኝ ይሄዳል። እያንዳንዱ ለብቻው እንዲመታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ደግሞ እንዲያድግ እንዴት ላድርግ?»

እህቴ፣ እኔም እዚያው ላይ ነበር የተሰናከልኩት። መጀመሪያ የሠራሁት ካሩሰል አንድ ረጅም ግጥም ነበር። በየስላይዱ አንድ ስንኝ አድርጌ ቆራረጥኩት። አንድ ጓደኛዬ አራተኛውን ስክሪንሹት አድርጎ ላከልኝና «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲያ በስላይድ አንድ ሙሉ ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ እጽፋለሁ። ግን ይሄም ችግር አለው። ቤቱ ሲመታ ጆሮ «አለቀ» ይላል፤ ያለቀ ነገር ደግሞ ስዋይፕ አያስደርግም። ስለዚህ ድምፁን እዘጋና ነገሩን ክፍት እተወዋለሁ። ባሳይሽ ይሻላል። ይህቺ የራሴ ናት።

አንደኛው ስላይድ፦
ፀሐይ ሲበረታ የት ይሸሻል ሌላ፣
እኔስ አንቺ አለሽኝ የእኩለ ቀን ጥላ።

ሁለተኛው፦
ቀኑ ዘንበል ሲል ግን ጥላም ይረዝማል፣
ከሥሩ ለቅቆ ወደ ሩቅ ይሄዳል።

ሦስተኛው፦
ሲመሽ ተመልሼ ዛፉን ብጠይቀው፣
«እኔስ ቆሜ አለሁ፤ ፀሐይ ናት ምታውቀው።»

አራተኛው፦
አልፈርድም በፀሐይ፣ አልፈርድም በሌላ፣
ሲመሽ ልማዷ ነው መሄድ ሰውን ጥላ።

አራተኛውን ብቻ ያየ ሰው «ጥላ» የሚለውን እንደ ግስ ያነበዋል፤ ትታው የሄደች ሴት ናት። ይበቃዋል፣ ይመታል። ከአንደኛው ጀምሮ የመጣ ሰው ግን ያቺ የቀትር ጥላ ትመለስበታለች። ኅብረ ቃሉ ከአንደኛው ስላይድ ጀምሮ ቃሉን ተሸክሞ ለመጣ ሰው ነው ሙሉ ሆኖ የሚፈታው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቤት በአንድ ፊደል፣ በ«ላ»፣ የሚመቱትም ሆን ብዬ ነው። ጆሮ የጀመረበትን ድምፅ ሲሰማ መድረሱን ያውቃል።

ሁለተኛው ላይ ያለችውን «ግን» አትናቂያት። ቤቱ ተዘግቷል፣ ነገሩ ግን መለወጥ ጀምሯል። ደግሞ ኢንስታግራም የመጀመሪያውን አይቶ ላለፈ ሰው ካሩሰሉን መልሶ ሲያመጣለት አንዳንዴ ከሁለተኛው ስላይድ ይጀምርለታል። ስለዚህ ሁለተኛው ላይ ደካማ ቤት አላስቀምጥም። ያንቺ ሰዎች እዚያ የሚተዉሽ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እይው። አንደኛውን በሌላ ቃል እየደገመው ይሆናል። የጀማሪ ካሩሰል በብዛት የሚሞተው በዚህ ነው፤ አምስት ስላይድ ሙሉ «ናፈቅሽኝ»።

ሦስተኛው ብዙ አስለፍቶኛል። መጀመሪያ ዛፉን «ጥላዬ የት ሄደች?» ብዬ ነበር የጠየቅኩት። ለአንዲት ጓደኛዬ ሳነብላት መጨረሻውን ሳልደርስ ገመተችው። ቃሉ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አራተኛው ላይ ማንን ያስደነግጣል? አወጣሁት። ቁልፉ ቃል ከመምቻው በፊት አንድ ስላይድ ማረፍ አለበት። በእርግጥ ቤቱ ለብቻው ሲነበብ ትንሽ ያነክሳል፤ ምን እንደተጠየቀ አይታወቅም። ከአራት አንዱ ቢያነክስ ግድ የለኝም። ሁለት ከሆኑ ግን እንደገና እጽፋለሁ።

መፈተኛዬ ቀላል ነው። ስላይዶቹን ለየብቻ፣ ለተለያየ ሰው፣ ያለ ምንም ማብራሪያ እልካለሁ። «ቀጣዩስ?» ያለኝ ሰው ደስ ይለኛል። «አልገባኝም» ካለኝ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ መልኩ። የወል ቤት ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም ነው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚከፈል። በትልቅ ፊደል ስትጽፊው ስልክ ላይ በአንድ መስመር አይገባም፤ አፑ ደግሞ ከፈለገው ቦታ ይሰብረዋል። አንዴ «ሌላ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ታች ወርዳ ዜማው ድራሹ ጠፋ። አንቺው ሐረጉ ላይ ስበሪው፦

ፀሐይ ሲበረታ
የት ይሸሻል ሌላ፣

ሁለት ስንኝ አራት አጭር መስመር ይሆናል። 1080 በ1350 ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ አትሙዪው። የመጀመሪያው መስመር በሁሉም ስላይድ አንድ ከፍታ ላይ ይጀምር። አለዚያ ዓይን በየስዋይፑ ጽሑፉን ሲፈልግ ዜማው ይበርዳል። ኢንስታግራም እስከ 20 ስላይድ ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ከስድስት አልፌ አላውቅም።

ካፕሽኑ ላይ ደግሞ ኅብረ ቃሉን አትፍቺ። አንዴ ሰሙ ይሄ፣ ወርቁ ያ ብዬ ጽፌ ከሥር የመጣው ሁሉ «ዋው» ብቻ ሆነ። ይህችን ሳልፈታ ስለጥፋት ግን ሁለት ሰዎች «ፀሐይዋ ናት»፣ «የለም፣ ልጅቷ ናት» እየተባባሉ ሲከራከሩ አመሹ።