ለሽንኩርቴ ለስንት ሰዓት ሞተር ላስነሳ?

*ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ። ኮምቦልቻ አጠገብ ቦርከና ዳር አንድ ጥማድ ሽንኩርት አለኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ችግኙን ተከልኩ። እስከዛሬ በየአምስት ቀኑ ለአራት ሰዓት ሞተር አስነስቼ አጠጣለሁ። አሁን የካቲት ላይ ውሃ በጠጣ በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ይጠወልጋል። ቤንዚኑም ከበደኝ። ልጨምር ወይስ ልቀንስ?*

ቀኑን ያቀራርቡ፤ በአንድ ጊዜ የሚያጠጡትን ግን ይቀንሱ። በየሦስት ቀኑ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃዎታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ልንገርዎ፤ በሚቀጥለው ወር ስለሚለወጥ ራስዎ ማስላት አለብዎት።

መጀመሪያ አየሩ በቀን ስንት ውሃ እንደሚወስድ እናውቃለን። ባለሙያዎች መነሻ የሚያደርጉት ውሃ ያልጠማው አጭር ለምለም ሣር በቀን የሚያተነውን ነው። ይህ ኢቲኦ ይባላል፤ በሚሊ ሜትር ይለካል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የነፋስ፣ የእርጥበትና የፀሐይ ልኬት ካለ የተሻለ ስሌት ይሠራል። ከሌለ የቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ብቻ በቂ ግምት ይሰጣል፦

```
ETo = 0.0023 × (Tmean + 17.8) × √(Tmax − Tmin) × Ra
```

Tmax ከፍተኛው፣ Tmin ዝቅተኛው፣ Tmean የሁለቱ አማካይ ነው። Ra ደግሞ ከከባቢ አየር በላይ የሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ነው፤ በሚሊ ሜትር ትነት ተለውጦ ይጻፋል። በእናንተ አካባቢ በታኅሣሥ 12.4፣ በየካቲት መጀመሪያ 14፣ በሚያዝያ 15.5 ገደማ ነው። ሙቀቱን በአቅራቢያዎ ካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ያገኙታል። የአንድ ቀን ሳይሆን የአንድ ሳምንት አማካይ ይውሰዱ፤ ይህ ቀመር ለአንድ ቀን አይታመንም። ነፋስ በበዛበት ሳምንት ደግሞ ከእውነተኛው ዝቅ ይላል።

ለምሳሌ የሳምንቱ ከፍተኛ ሙቀት 27፣ ዝቅተኛው 11 ዲግሪ ነው እንበል። አማካዩ 19 ነው። 17.8 ሲጨመርበት 36.8 ይሆናል። ከ27 ላይ 11 ሲቀነስ 16 ነው፤ የ16 ካሬ ሥር 4 ነው። ሁሉም ሲባዛ 4.7 ሚሊ ሜትር በቀን ይወጣል። ደሴ ከፍ ያለና የቀዘቀዘ ስለሆነ ውጤቱ ከዚህ ያንሳል። እዚያ ያለ ዘመድዎ የእርስዎን ቁጥር እንዳይወስድ፤ የራሱን ሙቀት ያስገባ።

ሽንኩርት ግን ሣር አይደለም። ስለዚህ ኢቲኦውን ኬሲ በሚባል የሰብል ቁጥር እናባዛለን። ለሽንኩርት በመጀመሪያው ደረጃ 0.7፣ ቅጠሉ ሞልቶ ኮረቱ በሚያብጥበት ጊዜ 1.05፣ ሊደርስ ሲል 0.75 ነው። መሃል ላይ ቀስ በቀስ ከ0.7 ወደ 1.05 ያድጋል። ደረጃውን በቀን ቁጥር ብቻ አይወስኑ፤ መደቡን ይዩ። ቅጠሉ ከመሬቱ አንድ አሥረኛውን እስኪሸፍን ድረስ መጀመሪያው ደረጃ ነው። የእርስዎ አሁን ኮረት የሚያበጅበት ጊዜ ላይ ነው። 4.7 በ1.05 ሲባዛ 4.9 ይሆናል፤ 5 ሚሊ ሜትር በቀን ብለን እንያዝ።

የመጠውለጉ መልስ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው። አሁን ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ብለን እናስላ። የእርስዎ አፈር ሸክላማ ከሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን 160 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። በ40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 64 ይሆናል ማለት ነው። ሽንኩርት ከዚህ ሳይቸገር የሚጠጣው 30 ከመቶውን ብቻ ነው፤ 19 ሚሊ ሜትር። የቀረው አፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ ተክሉ ጥም ይሰማዋል። 19 ለ5 ሲካፈል ከአራት ቀን ትንሽ ያንሳል። አራተኛው ቀን ላይ ያዩት መጠውለግ ይኸው ነው። ወደታች እናድርገውና በየሦስት ቀኑ ይጠጣ። አፈርዎ አሸዋማ ከሆነ የሚይዘው ስለሚያንስ ከዚህም መቅረብ አለበት።

አሁን ወደ ሞተሩ እንሂድ። ሦስት ቀን በ5 ሚሊ ሜትር 15 ነው። አንድ ጥማድዎን 2,500 ካሬ ሜትር ብንይዘው 37,500 ሊትር ይሆናል። በቦይ ስናጠጣ ግን ሁሉም ሥር ዘንድ አይደርስም፤ ጥቂቱ ወደታች ይሰርጋል፣ ጥቂቱ ከቦዩ ጫፍ ይወጣል። 60 ከመቶው ይደርሳል ብንል 37,500 ለ0.6 ይካፈልና 62,500 ሊትር ይሆናል። የሞተርዎን አቅም ከፋብሪካው ወረቀት አይውሰዱ። 200 ሊትር በርሜል ውሃው ማሳ በሚገባበት ቦታ ያስቀምጡና የሚሞላበትን ጊዜ ይቁጠሩ። በ25 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 8 ሊትር ነው። 62,500 ለ8 ሲካፈል 7,800 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይሆናል። የእርስዎ በርሜል በሌላ ጊዜ ከሞላ ይህን የመጨረሻውን ማካፈል ብቻ ይቀይሩ።

በዚህ አቅም አራት ሰዓት ማጠጣት 115,000 ሊትር ነው። በየሦስት ቀኑ የሚያጠጡት በአምስት ቀን ሲሰላ 104,000 ይሆናል። ስለዚህ አሁን በየካቲት ቤንዚኑ ብዙ አይቀንስልዎትም፤ እውነቱን ልንገርዎ። ችግሩ በአንድ ጊዜ ብዙ መጣሉ ነው። ትርፉ ሥር ወደማይደርስበት ይወርዳል፤ ከዚያ ተክሉ ሁለት ቀን ይጠማል።

ቤንዚኑ የባከነው በታኅሣሥ ነው። ያኔ ከፍተኛው 25፣ ዝቅተኛው 9 ዲግሪ ከነበረ ኢቲኦው 4 ገደማ ነው። በ0.7 ሲባዛ 2.8። ሥሩ ያኔ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሳይቸገር የሚጠጣው 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። ችግኝ ትንሽ ነውና ቀኑ ይራቅ ይባላል፤ ስሌቱ ግን ያኔም ሦስት ቀን ይላል። የሚቀንሰው መጠኑ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ቢያሰሉት ለአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይመጣል። በአምስት ቀን ሲታሰብ እርስዎ ካጠጡት ግማሹ ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ውሃ በረጅም ቦይ ጫፉ ድረስ እኩል አይደርስም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቦዮቹን ያሳጥሩ።

ስሌቱን ያመኑት እንደሆነ እንኳ አፈሩን ሳያዩ አይለፉ። ካጠጡ በማግስቱ ከቦዩ መግቢያና ከጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው አፈሩን በእጅ ይጭመቁ። ጫፉ ላይ ደረቅ፣ መግቢያው ላይ ጭቃ ከሆነ ሰዓት አይጨምሩ፤ ውሃው እኩል እንዲሄድ ቦዩን ያስተካክሉ። በሁለቱም ቦታ ከ40 በታች የሚጣበቅ ጭቃ ካገኙ መጠኑ በዝቷል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አፈሩ ሲጨመቅ የማይያያዝ ዱቄት ከሆነ ደግሞ አንሷል።

በልግ ከጣለ ከስሌቱ ይቀነሳል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ማሳው ውስጥ ያስቀምጡና በማስመሪያ ይለኩ። 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ ከ15ቱ 5 ቀረ፤ ያም የአንድ ቀን ስለሆነ ማጠጣቱን ሁለት ቀን ያዘግዩት። አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ካፊያን አይቁጠሯት። ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር በ0.75 አስልተው ይቀንሱ፤ ከመንቀልዎ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ደግሞ ጨርሰው ያቁሙ። አንገቱ እርጥብ ሆኖ የተነቀለ ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ይበሰብሳል።