የአባታችን የባንክ ብር እንዴት ይወጣል?

«አባታችን ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። በስሙ ብቻ የተከፈተ የቁጠባ ሂሳብ አለው። እናታችን በሕይወት አለች። ባንክ ምን ይጠይቀናል? ከየት እንጀምር?»

ነፍስ ይማር እህቴ። እኛም አዲስ አበባ ላይ በዚሁ መንገድ አልፈናል። አንድ ነገር ላስቀድም። የኤቲኤም ካርዱ እጃችሁ ላይ ቢሆንም እንዳትነኩት። አባታችሁ ለአንዳችሁ ውክልና ሰጥቶ ከነበረም በሞቱ ቀሪ ሆኗል። በዚያ የወጣ ብር ኋላ በወንድምና እህት መካከል ክስ ያመጣል።

መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት አውጡ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ እስካሁን ካላስመዘገባችሁ ቀኑ አልፏልና ነገ ዛሬ አትበሉ። ወረቀቱ እጃችሁ እንደገባ ከባንክ ደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት። እኛን ያንገላታን ይኸው ነው። ደብተሩ ላይ የአያታችን ስም «ገ/ማርያም» ይላል፤ የሞት ወረቀቱ ላይ ግን ሰው በሚጠራው «ገብሬ» ተብሎ ተጽፏል። ያላየነውን ስህተት የባንኩ ሠራተኛ በእስክሪብቶ አክብባ አሳየችን። ፍርድ ቤት ተመልሰን ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በምስክር አስረዳን። ይህ ብቻ ሁለት ወር በላብን።

ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው ፍርድ ቤት ይሰጣል። የሞት ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃና ምስክሮች ይዛችሁ አመልክቱ። ሁሉንም ልጆች አስገቡ፤ ከሌላ እናት የተወለደ ካለም እኩል ወራሽ ነው። የተተወ ልጅ ካለ ማስረጃውን ሊያሰርዝ ይችላል። ውጭ አገር ያለ ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ፤ እዚህ ደርሶ እስኪረጋገጥ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ንገሩት።

የእናታችሁን ነገር በደንብ ያዙ። ሂሳቡ በአባታችሁ ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተቆጠበ ብር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ግማሹ የራሷ ነው፤ ውርስ አይደለም። ኑዛዜ ከሌለ ሌላውን ግማሽ ልጆች እኩል ይካፈሉታል። 240,000 ብር ቢኖርና ሦስት ብትሆኑ፣ ለእናት 120,000፣ ለእያንዳንዳችሁ 40,000 ይደርሳል። ልጆች ወራሽ ነን ብለው ሙሉውን ሲወስዱ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። የጋብቻ ማስረጃዋን ከመጀመሪያው ፋይሉ ውስጥ አስገቡ።

ባንኩ ስንት ብር እንዳለ በቃል አይነግራችሁም። ባንኩ መጠኑን እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ እንዲጽፍለት ጠይቁ። እኛ ስንሄድ የሞት ወረቀቱን፣ የወራሽነት ማስረጃውን፣ የሁላችንን መታወቂያ፣ ደብተሩንና ለማን ስንት ይከፈል የሚል የፍርድ ቤት ደብዳቤ ተቀበሉን። ደብዳቤው ከሌለ አንዳንዱ ቅርንጫፍ ስለሚመልስ፣ የወራሽነት ማስረጃውን ስትወስዱ አብራችሁ ጠይቁ። ኮፒ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ዋናውን አይተው ነው ኮፒውን የሚያስቀሩት።